«ባዶውን በአማካይ ሙላና ቀጥል» ለምትሉን አሠልጣኞች

ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዳታ ምናምን የማይመለከታችሁም ብትሆኑ ግድ የለም፣ ቁጥሩ ከአራቱ መደብ ሒሳብ አይዘልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ መካከል ብዙዎቹ ሰሞኑን የዳታ ሥልጠና እየወሰዱ ነው። ደስ ይለኛል። የሠሩትን ፕሮጀክት በኢንቦክስ ይልኩልኛል፣ «ቲቸር እስቲ እየው» ይሉኛል፣ እኔም አያለሁ። ከአሥር ፕሮጀክት ዘጠኙ ውስጥ ይህቺ መስመር ቁጭ ብላ አገኛታለሁ፦

```
df["Age"] = df["Age"].fillna(df["Age"].mean())
```

በአማርኛ ሲፈታ፣ «ዕድሜው ያልተመዘገበ ሰው ሁሉ የተመዘገቡትን ሰዎች አማካይ ዕድሜ ይያዝ» ማለት ነው። ከሥሯ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት አስተያየት አለ፦ «ዳታው ጸድቷል»። አንዱን ልጅ ለምን እንዲህ አደረግህ ብለው «አሠልጣኛችን ባዶ ካያችሁ በአማካይ ሙሉና ቀጥሉ ነው ያለን» አለኝ። እንግዲህ እኔ ከዚህ «ቀጥሉ» ከሚለው ቃል ጋር ነው የተጣላሁት። ልጁ ምን አጠፋ? የተነገረውን ሠራ። እንደ ደንብ አድርጎ የሚያስተምረው ሰው ግን መልስ አለበት።

ባዶ ሜዳ ላይ እንዳንከራከር ሁላችሁም የምታውቁትን ፋይል እንውሰድ። የታይታኒክ ተሳፋሪዎች ዳታ። ጀማሪ ሁሉ የሚለማመድበት፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘው፣ 891 ረድፍ ያለው ፋይል ነው። መርከቧ ሚያዝያ 1912 እ.ኤ.አ. ሰጠመች። በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሰው ነው፦ ስሙ፣ ጾታው፣ የተሳፈረበት ማዕረግ፣ የከፈለው ዋጋ፣ አብረውት ያሉ ዘመዶች ብዛት፣ ተረፈ ወይስ ሞተ። ከ891 ሰዎች የ177ቱ ዕድሜ ባዶ ነው። የምላችሁን ቁጥር ሁሉ ራሳችሁ ከፍታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ በእኔ ቃል አትመኑ።

አሁን ፋይሉ ውስጥ ሴጅ የሚል የቤተሰብ ስም ፈልጉ። እንግሊዛዊ ቤተሰብ ነው፤ አባት፣ እናትና ዘጠኝ ልጆች፣ በሦስተኛ ማዕረግ ወደ አሜሪካ ሊሰደዱ ተሳፍረው አሥራ አንዱም አለቁ። እኛ በምንሠራበት ፋይል ውስጥ ከልጆቹ ሰባቱ አሉ። የሰባቱም ዕድሜ ባዶ ነው። እንግዲህ ያቺን መስመር ስታስኬዱ ምን ይሆናል? የተመዘገቡት ሰዎች አማካይ ዕድሜ 29.7 ስለሆነ ሰባቱም 29.7 ዓመት ይሆናሉ። ሰባት ወንድምና እህት፣ ሁሉም በአንድ ቀን የተወለዱ! መንታ ሰምተናል፣ ሦስት መንታም ሰምተናል። ከሰባቱ አንዱ ቶማስ ሄንሪ ሴጅ ነው፤ ስሙ ፊት «ማስተር» ተብሎ ተጽፏል። ማስተር በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ለትንሽ ወንድ ልጅ የሚሰጡት መጠሪያ ነው። በፋይሉ ውስጥ 40 ማስተሮች አሉ፣ የ36ቱ ዕድሜ ይታወቃል፣ ከእነሱ ትልቁ 12 ዓመቱ ነው፣ አማካያቸውም 4.6 ዓመት። ዕድሜያቸው ባዶ የሆነ አራት ማስተሮች ግን በዚያች መስመር ምክንያት በአንድ ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ጎረምሶች ሆኑ። ልጅ መሆናቸው እዚያው ስማቸው ላይ ተጽፎ እያለ!

ይሄን ሳነሳ የሚመጣው መልስ ይታወቃል። «ቲቸር፣ አራት ልጅ ከ891 ምን አላት? አማካዩ እኮ አልተለወጠም!»

አዎ፣ አማካዩ አልተለወጠም። ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። አማካይን በአማካይ ብትሞላው በፍጹም አይለወጥም፤ ይሄ የሒሳብ ጠባይ እንጂ የሥራው ጥራት ማስረጃ አይደለም። የተለወጠው ሌላው ሁሉ ነው። ከመሙላታችሁ በፊት ብዙ ሰው የሚጋራው ዕድሜ 24 ነበር፤ 30 ሰዎች። ከሞላችሁ በኋላ 177 ሰዎች ልክ 29.7 ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ግራፍ ብትሠሩ መሐል ሜዳ ላይ የስልክ ምሰሶ የተተከለ ይመስላል። የዕድሜው መራራቅ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ ከ14.5 ወደ 13.0 ይወርዳል። ሰዎቹ በዕድሜ ስለተቀራረቡ እኮ አይደለም፣ እኛ መሐል ላይ ሰው ስለከመርን ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እርግጠኝነቱ ነው። የአማካይ ስህተት መጠን የሚሰላው መራራቁን ለሰው ብዛት ስኩዌር ሩት በማካፈል እንደሆነ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳላችሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌላችኋለሁ። ዕድሜያቸው በሚታወቅ 714 ሰዎች ስታሰሉት 0.54 ይመጣል። በአማካይ ከሞላችሁ በኋላ በ891 ስታሰሉት 0.44 ይሆናል። አያችሁ? አንድም አዲስ ሰው አልጠየቃችሁም፣ አንድም የልደት ወረቀት አላገኛችሁም፣ ግን የስህተት መጠኑ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ፣ ስለ ዕድሜያቸው ያላችሁ እርግጠኝነትም ጨመረ። ከየት መጣ? ከየትም! ገበያ ላይ በተስተካከለ ሚዛን እንዲህ ብታደርጉ ማጭበርበር ይባላል።

ዕድሜ ከሌላ ነገር ጋር ያለው ግንኙነትም ይደበዝዛል። ለምሳሌ ትንንሽ ልጆች ከአዋቂዎች በተሻለ መትረፋቸውን ልታሳዩ ብትፈልጉ፣ ከ177ቱ ውስጥ ያሉት ሕፃናት በሙሉ «የሠላሳ ዓመት» ሰዎች መሐል ተሰውረዋል። ዕድሜ ከምንም ጋር ቢገናኝ ከትክክለኛው የደከመ ሆኖ ነው የሚወጣላችሁ።

«እሺ፣ ታዲያ ባዶውን እንሰርዘው» የሚሉም አሉ። ኤክሴል ላይ ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ይሄ ነው። ፓይተን ላይ ደግሞ አንድ ቃል ነች፣ `df.dropna()`። አንድም ባዶ ቦታ ያለበትን ረድፍ በሙሉ ታባርራለች።

በታይታኒክ ፋይል ላይ አስኪዷት። ከ891 ሰዎች የሚቀሩት 183 ናቸው። ለምን? ምክንያቱም የካቢን ቁጥር የሚለው አምድ ላይ የ687 ሰዎች ቦታ ባዶ ነው። አሁን በቀሩት 183 ሰዎች ላይ ስንት በመቶ ተረፈ ብላችሁ ጠይቁ። 67 በመቶ ይላችኋል። በሙሉው ፋይል ግን የተረፈው 38 በመቶ ብቻ ነው! አንዲት ቃል ጻፋችሁና ታይታኒክ ከተሳፋሪዎቿ ሁለት ሦስተኛው የዳነባት መርከብ ሆነች። ማን እንደተባረረ ስታዩ ይገባችኋል። ከቀሩት 183 ውስጥ 158ቱ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ናቸው። በፋይሉ ከነበሩት 491 የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የቀሩት አሥር ሰዎች ናቸው። አሥር። የካቢን ቁጥር በደንብ የተመዘገበው ለሀብታሙ ነበር፣ ስለዚህ ስረዛው ድሃውን ለቅሞ አወጣው።

«ካቢኑን ተወውና ዕድሜው ባዶ የሆነውን ብቻ ሰርዝ» ብትሉ ይሻላል፣ ግን ያው ነው። በየማዕረጉ ስንቱ ባዶ እንደሆነ እዩ፦

```
df["Age"].isna().groupby(df["Pclass"]).mean()
```

አንደኛ ማዕረግ 14 በመቶ፣ ሁለተኛ 6 በመቶ፣ ሦስተኛ 28 በመቶ ይላችኋል። ዕድሜያቸው ከማይታወቀው የተረፉት 29 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሚታወቀው ደግሞ 41 በመቶ ናቸው። ማለትም ባዶው በዕጣ የወደቀ አይደለም። ከታች ካሉት፣ ከሞቱት ላይ በዝቷል። የሴጅ ልጆች በዚህ መንገድ ሰባቱም ከፋይሉ ይጠፋሉ። አንዴ በባሕር፣ አንዴ በእኛ ኪቦርድ።

አስተማሪ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ሩቅ አይመስለኝም። ማርክ ሊስት ላይ ባዶ ቦታ የሚኖረው የማን ነው? በአጨዳ ሰሞን የሚሰጥ ፈተና ላይ የሚቀረው የገበሬ ልጅ ነው። የታመመው ነው፣ ቤተሰቡ የተፈናቀለበት ነው። እነዚህን ሰርዘህ «የክፍሉ አማካይ ውጤት» ብትል የክፍሉን ሳይሆን መምጣት የቻሉትን ልጆች ውጤት ነው የነገርከኝ። የክፍሉን አማካይ ብትሰጣቸው ደግሞ የሁሉንም ቤት ሁኔታ እኩል አደረግህ ማለት ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የኮምፒውተር ብቻ አይደለም የምለው።

ያም ሆኖ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ እኔ ከአማካይ ይልቅ ስረዛን እመርጣለሁ። ይሄን ስል ብዙዎቻችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ሥልጠናው ላይ «ዳታ ማባከን ነው» ተብላችኋል። ምክንያቴ ቀላል ነው። የሰረዘ ሰው ቢያንስ 891 የነበረው 714 ሆኖ ይታይበታል። አንባቢው «177ቱ የት ሄዱ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። በአማካይ የሞላው ሰው ግን «891 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት» ብሎ ይጽፋል፣ ማንም አይጠይቀውም። ስረዛ ጉድጓዱን ክፍት ይተወዋል፤ አማካይ ግን ቅጠል ይጎዘጉዝበታል። ስረዛ ምንም የማይጎዳበት ጊዜም አለ። በዚሁ ፋይል የተሳፈሩበት ወደብ ያልተመዘገበ ሁለት ሰዎች ብቻ አሉ፤ ለሁለት ሰው ሞዴል የሚሠራ ካለ ጊዜ የተረፈው ነው። ባዶው በእርግጥ በአጋጣሚ የመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቡና ፈስሶበት የተበላሸ ቅጽ ከሆነ፣ መሰረዝ የሚቀንስባችሁ የሰው ብዛት እንጂ እውነት አይደለም።

አሁን ሦስተኛው መንገድ ላይ እንምጣ፣ በሞዴል መሙላት። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የጎደለውን ከመገመትህ በፊት ስለ ሰውዬው የምታውቀውን ሁሉ ተጠቀም። የቶማስ ሴጅን ዕድሜ አናውቅም። ግን ማስተር መባሉን፣ ሦስተኛ ማዕረግ መሆኑን፣ ስምንት ወንድምና እህት፣ ሁለት ወላጅም አብረውት መሳፈራቸውን እናውቃለን። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው 29.7 ይላል?

የመጀመሪያው ደረጃ በእጅም የሚሠራ ነው። ሰዎችን በመጠሪያቸው ከፋፍሉ። ማስተር 4.6 ዓመት፣ ሚስ 21.8፣ ሚስተር 32.4፣ ሚስስ 35.9። ቶማስ 4.6 ሆነ፣ ከ29.7 እጅግ ይሻላል። ግን ከሴጅ ልጆች ሦስቱ ሚስተር ተብለው ተጽፈዋል፣ እነሱ ሦስቱም 32.4 ሆኑ። ከእናት ከአባታቸው ጋር ከነትንንሽ ወንድሞቻቸው የሚሰደዱ ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰዎች የመሆናቸው ነገር አይመስልም። ስለዚህ መጠሪያው ብቻ አይበቃም፣ የወንድምና እህቱ ብዛትም የወላጆቹም መኖር ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ሪግረሽን የሚያደርገው ይሄንን ነው፤ ሁሉንም ፍንጭ በአንድ ላይ ይመዝንና ግምት ያወጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ይቆማል። አትቁሙ። ሪግረሽን የሚሰጣችሁ ግምት አንድ ዓይነት ፍንጭ ላላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። ግምቱን እንዳለ ብትወስዱት ዕድሜ ከሌሎቹ ነገሮች ጋር ያለው ግንኙነት ከእውነቱ በላይ የጠበቀ ሆኖ ይወጣል። አማካይ ግንኙነቱን ያደክማል፣ ይሄ ደግሞ ያጋንነዋል። ስለዚህ ግምቱ ላይ ሞዴሉ ራሱ የሚሳሳተውን ያህል የዕጣ መናወጥ ይጨመርበታል። ያም አይበቃም፣ ዕጣው አንድ ጊዜ ብቻ ከወጣ የወጣውን ቁጥር እንደ እውነት ልታምኑት ነው። መፍትሔውን አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዶናልድ ሩቢን በ1970ዎቹ አቅርቦ በ1987 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሞታል፦ ፋይሉን አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ሙላው። ሃያ ቅጂ አዘጋጅ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስሌትህን ለብቻው ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ሃያውን መልስ አማክል።

```
from sklearn.experimental import enable_iterative_imputer
from sklearn.impute import IterativeImputer
imp = IterativeImputer(sample_posterior=True,
                       min_value=0, random_state=1)
```

`sample_posterior=True` የሚለውን የዘለለ ሰው ዕጣውን ዘልሎታል፣ ሃያ ጊዜ ቢያስኬደው አንዱን መልስ ደጋግሞ ነው የሚያገኘው። `min_value=0` ከሌለ ደግሞ ገና ያልተወለደ ተሳፋሪ ሊገጥማችሁ ይችላል። `random_state` ላይ ያለውን ቁጥር ከ1 እስከ 20 እየቀየራችሁ ነው ሃያውን ቅጂ የምታወጡት። አር የምትጠቀሙ `mice` የሚባለው ፓኬጅ አለላችሁ፤ እሱ እንደውም ለቁጥር አምዶች ግምቱን ራሱን አይጽፍም፣ ግምታቸው ከሚቀራረብ እውነተኛ ሰዎች አንዱን መርጦ የእሱን ዕድሜ ይበደራል። ስለዚህ መርከቧ ላይ ያልነበረ ዕድሜ አይፈጠርም።

ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ሃያውን መልስ ስታገናኙ ነው። የመጨረሻው መልስ የሃያው አማካይ ነው። የመልሱ ጥርጣሬ ግን ሁለት ቦታ ይመጣል፦ በየቅጂው ውስጥ ያለው የተለመደው ጥርጣሬ `W`፣ ሲደመር ቅጂዎቹ እርስ በርስ የማይስማሙበት መጠን `B`። የቅጂዎቹ ብዛት `m` ከሆነ ቀመሩ ይሄው ነው፦

```
T = W + (1 + 1/m) * B
```

በዚህች በ`B` ነው ከአማካይ ጋር የምንለያየው። ቅጂዎቹ በቶማስ ዕድሜ ላይ ከተስማሙ `B` ትንሽ ትሆናለች፣ ካልተስማሙ ትተልቃለች። ማለትም አለማወቃችሁ በቁጥር ተጽፎ መልሱ ውስጥ ይገባል። አማካይ የሞላ ሰው `B` ዜሮ ነው ብሎ እየማለ ነው።

ሞዴሉ ተአምር ይሠራል ግን አላልኩም። የሴጅ ልጆች ላይ ሌላ ችግር አለ። በፋይሉ ውስጥ ስምንት ወንድምና እህት ያላቸው ሰዎች እነሱ ብቻ ናቸው፣ የሁሉም ዕድሜ ደግሞ ባዶ ነው። ሞዴሉ እነሱን የሚመስል አንድም ዕድሜው የታወቀ ሰው አላየም። የሚቀርባቸው የጉድዊን ቤተሰብ ነው፤ አምስት ወንድምና እህት ያላቸው አምስት ልጆች፣ ዕድሜያቸው 1፣ 9፣ 11፣ 14 እና 16። ከእነዚህና ከሌሎች ብዙ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ተነሥቶ ነው ስለ ሴጅ ልጆች የሚገምተው። ከ29.7 እንደሚሻል አልጠራጠርም፣ ግን ካየው አልፎ እየተናገረ መሆኑን ማወቅ አለባችሁ። ሁለተኛው ገደብ ከዚህ ይብሳል። ባዶው የተፈጠረው በራሱ በጎደለው ቁጥር ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈተናውን እንደሚወድቅ ስላወቀ የቀረ ተማሪ ቢሆን፣ የትኛውም ሞዴል ከቀሩት አምዶች ብቻ ያንን አያውቀውም። እዚያ ላይ የሚያዋጣው ሄዶ መጠየቅ ነው።

ሁሉ ባዶ ይሞላ ማለትም አይደለም። የካቢኑ አምድ ላይ 687 ባዶ ቦታ ይዞ ሞዴል መሥራት ቀልድ ነው። እዚያ «ካቢኑ ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም» የሚል አዲስ አምድ ክፈቱ። ካቢናቸው ከተመዘገበው 67 በመቶ፣ ካልተመዘገበው 30 በመቶ ተርፈዋል፤ ባዶው ራሱ መረጃ ሆነ ማለት ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይሄን ሁሉ ስነግራት ያለችኝን ልመልስ። «ቲቸር፣ አሠልጣኙ በሞዴል መሙላት ዳታ መፍጠር ነው አለ።» እና 29.7ን 177 ጊዜ መጻፍ ምን ሊባል ነው? ሁለቱም የሌለ ቁጥር ይጽፋሉ። ልዩነቱ አንደኛው የጻፈው ግምት መሆኑን እስከ መጨረሻው ያስታውሳል፣ ሌላኛው በሁለተኛው መስመር ላይ ይረሳዋል።

ሌላዋ ደግሞ «የውድድር ነጥቤ እኮ በአማካይም በሞዴልም ያው ነው» አለችኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። ማን ተረፈ የሚለውን ለመተንበይ ጾታና ማዕረግ አብዛኛውን ሥራ ስለሚሠሩ የዕድሜው መበላሸት አይታይም። ነጥብ ለመሰብሰብ ከሆነ የፈለጋችሁትን ሙሉ፣ አልጣላችሁም። ብቻ አንድ ጥንቃቄ፦ ለትንበያ ስትሞሉ የተረፈ ወይስ የሞተ የሚለውን አምድ መሙያው ውስጥ አታስገቡ፣ መልሱን ሰርቃችሁ ትፈተናላችሁ። ዕድሜ በመትረፍ ላይ ምን ያህል ለውጥ አመጣ የሚለውን ለማጥናት ከሆነ ግን በተቃራኒው የግድ አስገቡት፣ ካላስገባችሁት የሞላችሁት ዕድሜ ከመትረፍ ጋር ያለው ግንኙነት ከእውነቱ የደከመ ይሆናል። በአንድ ፋይል ላይ እንደ ዓላማው ሁለት ተቃራኒ ሕግ! «ሙላና ቀጥል» የሚል አሠልጣኝ ይሄን መቼ ሊነግራችሁ ነው?

አሁን ከእናንተ ውስጥ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ያላችሁ አላችሁ፣ ባንክ ያላችሁ፣ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት የምትጽፉ አላችሁ። በእናንተ ፋይል ላይ ያሉት ባዶ ቦታዎች ከመቶ ዓመት በፊት የሰጠሙ ሰዎች አይደሉም፣ ክብደቱ ያልተለካ ሕፃን ነው፣ ገቢዋን ያልተናገረች እናት ነች። ስለዚህ ከእንግዲህ ፕሮጀክት የምትልኩልኝ ሰዎች፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ነገር ካላየሁ አላነበውም፦ በየአምዱ ስንት ባዶ እንዳለ፣ ባዶው የትኞቹ ሰዎች ላይ እንደበዛ፣ ምን እንዳደረጋችሁትና ለምን። «ዳታው ጸድቷል» ብቻ ብሎ የላከ በዚያው ይመለስለታል።

አሠልጣኞችም ካላችሁ ኮሜንት ላይ ኑ፣ እንከራከር። ፋይሉን ግን ከፍታችሁ፣ የሴጅን ሰባት ረድፎች አይታችሁ ኑ።